ቀለሙ ተመለሰ፣ ዕዳው ግን ቀረ

(ጅማ ውስጥ በነጋዴዎች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ከመቅጃው ላይ ስንገለብጠው ከድግግሞሹም ከቀልዱም ብዙ አልቀነስንም።)

እንደምን ዋላችሁ! አካም ኦልተን! ሰላም አለይኩም!

ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ይሄ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው የራሴም ድምፅ ለራሴ አይሰማኝም። የጅማ ሰው ግን በዝናብ ውስጥ መነጋገር ይችልበታል። እሺ፣ እንጀምር።

የተጠራሁት ስለ «ሂሳብ አያያዝ» እንድናገር ነው። ስለ ሂሳብ አያያዝ ሁሉ ልናገር ብል እስከ ነገ አንወጣም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መረጥኩ። ዕቃ መልሳችሁ፣ አቅራቢው ግን ከዕዳችሁ ላይ ሳይቀንስላችሁ ሲቀር ምን ታደርጋላችሁ? እስቲ በእጃችሁ አሳዩኝ። ከአዲስ አበባ በዱቤ የምታመጡ? ብዙ ናችሁ። ከእናንተ ውስጥ ዕቃ መልሳችሁ «አልደረሰንም»፣ «አልተመዘገበም» የተባላችሁ? አያችሁ፣ እጁ አልወረደም። ከሂርማታ የመጣችሁት ደግሞ ሁለት እጅ አነሳችሁ!

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ የመለስነው ዕቃ መንገድ ላይ የት እንደሚጠፋ። ሁለተኛ፣ የሂሳብ መግለጫ፣ እኛ ስቴትመንት የምንለውን፣ እንዴት እንደምንጠይቅና እንዴት እንደምናነበው። ሦስተኛ፣ ስለ ክሬዲት ኖት፣ አቅራቢው የመለስነውን ዕቃ ከዕዳችን ላይ ስለሚቀንስበት ወረቀት። ሁሉንም በራሴ ጣጣ ነው የምነግራችሁ። የአቅራቢውን ስም አልጠራም፣ ዛሬም አብረን እንሠራለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሕንፃ መሣሪያ እንደምሸጥ ታውቃላችሁ። ኅዳር 12 ቀን ከአዲስ አበባ 120 ባልዲ ፕላስቲክ ቀለም በዱቤ አስጫንኩ። የአንዱ ዋጋ 1,400 ብር ነው። ድምሩ 168,000። 15 በመቶ ቫት 25,200። ጠቅላላ 193,200 ብር። ከነሐሴ የዞረ 60,000 ብር ዕዳም ነበረብኝ። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

በሳምንቱ አንድ ኮንትራክተር ሁለት ባልዲ ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ይሄ ቀለም ነው ወይስ እርጎ?» አለኝ። ከፈትነው። ረግቷል። ውኃ ብትጨምሩበት፣ ብታማስሉት አይፈታም። ሱቅ ያለውን አየሁ። የባልዲው ከንፈር ላይ የምርት ቁጥር ይታተማል። ያንን ቁጥር የያዙት 30 ባልዲ ናቸው፣ የተከፈቱትን ሁለቱን ጨምሮ። ሌላው 90 ጤነኛ ነው።

ለሽያጭ ሠራተኛው ደወልኩ። ጨዋ ልጅ ነው። «ችግር የለም እትዬ፣ ይመልሱት፣ ይቀነስልዎታል» አለኝ። «ይቀነስልዎታል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ማነው የሚቀንሰው? መቼ? በምን ወረቀት? አልጠየቅሁም። እኔ፣ ስንት ዓመት የሰው ሂሳብ ስሠራ የኖርኩ ሴትዮ፣ አልጠየቅሁም!

ኅዳር 26 ቀን ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ኤፍኤስአር ላይ 30ውን ባልዲ ከጥግ አስጫንኩ። ለጭነቱ 6,000 ብር ከፈልኩ። ሾፌሩ በማግስቱ መጋዘን አራግፎ ፎቶ ላከልኝ። መጋዘን ጠባቂው በትንሽ ወረቀት «30 ባልዲ ቀለም ተቀብያለሁ፣ 2 የተከፈተ» ብለው ፈርመዋል። ቁጥር አላት፣ 117። ይህቺ ቁራጭ ወረቀት ባትኖር ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራችሁ ስለ ኪሳራ ነበር።

ታኅሣሥ 15 ቀን 100,000 ብር በባንክ ገቢ አደረግሁ። ጥር ላይ ከሂሳብ ክፍላቸው ስልክ ተደወለ። «እትዬ፣ 153,200 ብር ይቀርብዎታል።» «ኧረ የለም፣ እኔ ያለብኝ 98,900 ነው» አልኩ። እሱም «ሲስተሙ የሚያሳየው ይሄን ነው» አለ። ሲስተሙ! ሲስተም ከመጣ ወዲህ ሰው መከራከር አቅቶታል። እኔም ጮህኩ፣ እሱም ጮኸ። ያዘዝኩት ሴራሚክ ሳይጫን ቀረ። «ዕዳ ሳይከፈል አዲስ ዕቃ አይወጣም» ተባለ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ቀለሙ የት ጠፋ? ቀለሙ አልጠፋም። መጋዘናቸው ውስጥ ተቀምጧል። የጠፋው ወሬው ነው። መጋዘን ጠባቂው ዕቃ ይቀበላሉ፣ ዱቤ አይመለከታቸውም። ሽያጭ ሠራተኛው ቃል ይሰጣል፣ ሂሳብ አይመዘግብም። ሂሳብ ክፍል ደግሞ ወረቀት ካልደረሰው ምንም አይመዘግብም፣ ልክም ነው። እነሱ ሸጠው ደረሰኝ ሲቆርጡ ሲስተሙ ውስጥ ዕዳው ወዲያው ይገባል። ዕቃ ሲመለስ ግን በራሱ የሚቀንስ ነገር የለም። አንድ ሰው ተነስቶ፣ የመልሱን ወረቀት አይቶ፣ ከመጀመሪያው ደረሰኝ ጋር አያይዞ፣ ክሬዲት ኖት ማውጣት አለበት። ያ ሰው ከሌለ ዕቃው ተመልሶም ዕዳው ባለበት ይቀመጣል።

ስለዚህ ስትደውሉ ለማን ነው የምትደውሉት? ለሽያጭ ሠራተኛው። እሱ ደግሞ «እነግራቸዋለሁ» ይላል። ይነግራቸዋልም። በአፍ! ሂሳብ ክፍል በአፍ የተነገረውን የት ያስገባዋል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? አባቴ ይህን ተረት ቡና በጆንያ ሲሰበስብ በየቀኑ ይለው ነበር። ግን እሱ ራሱ አይጽፍም ነበር! የጆንያ መልስ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። 20 ጆንያ ለአንዱ ሰጥቶ፣ 14 ተመልሶለት፣ ስድስቱን ማን እንደወሰደ ሲያስታውስ እናቴ ራት አቅርባ ታበርድ ነበር። እንግዲህ ተረቱን ከአባቴ ወሰድኩ፣ መጻፉን ከእናቴ ተማርኩ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከጩኸቱ በኋላ የእህቴ ልጅ፣ ሱቅ ውስጥ ሂሳብ የምትይዝልኝ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አክስቴ፣ የነሱን ስቴትመንት አይተሽዋል?» አላየሁትም። ለሦስት ሳምንት የተጣላሁት ካላየሁት ወረቀት ጋር ነው!

ሁለተኛው ነጥብ ይሄ ነው። ክሬዲት ኖት ከመጠየቃችሁ በፊት ስቴትመንት ጠይቁ። ቢያንስ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ጠይቁ። ለምን? ቀሪ ሂሳብ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 153,200 ሲሏችሁ ምን ገብቶ ምን እንደቀረ ከቁጥሩ ላይ አይታይም። ምናልባት የከፈላችሁት ገንዘብ ራሱ በሌላ ደንበኛ ስም ገብቶ ይሆናል። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ በተለይ ባንክ ስታስገቡ የራሳችሁን ስም ሳትጽፉ ሾፌር ወይም ዘመድ ሲያስገባላችሁ። ስቴትመንቱ ላይ ግን እያንዳንዱ ነገር በመስመር በመስመር ይወጣል። ቀን፣ የወረቀት ቁጥር፣ የጨመረው፣ የቀነሰው፣ ከዚያ በኋላ የቀረው።

ከየት ቀን ጀምሮ ነው የምትጠይቁት? ይሄ ትልቅ ነገር ነው። «የዚህን ወር ስጡኝ» አትበሉ። የዚህ ወር ስቴትመንት የሚጀምረው «ከባለፈው የዞረ» ከሚል መስመር ነው። ስህተቱ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ከሆነ አታገኙትም። ሁለታችሁም ከተስማማችሁበት የመጨረሻ ቀን ጀምሩ። እኔና እነሱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ 60,000 ብር እንዳለብኝ ተስማምተን ነበር። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ ጥር 30 ያለውን ጠየቅሁ።

ደብዳቤውን ላንብብላችሁ። ረጅም አይደለም።

«ለፋይናንስ ክፍል። ጉዳዩ፦ የሂሳብ መግለጫና ክሬዲት ኖት እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። ኅዳር 12 ቀን በዱቤ ከገዛናቸው 120 ባልዲ ቀለሞች ውስጥ፣ የምርት ቁጥራቸው አንድ የሆነ 30 ባልዲ ረግተው በመገኘታቸው፣ ከሽያጭ ክፍላችሁ ጋር ተነጋግረን ኅዳር 26 ቀን መልሰን ልከናል። መጋዘናችሁ በቁጥር 117 ወረቀት ተረክቧል። ሆኖም በጥር ወር በነገራችሁን ቀሪ ሂሳብ ላይ ተመላሹ አልተቀነሰም። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ ጥር 30 ያለው የሂሳብ መግለጫ እንዲላክልን፣ እንዲሁም ለተመለሰው ዕቃ ዋጋ 42,000 ብር፣ ቫት 6,300 ብር፣ በድምሩ 48,300 ብር ክሬዲት ኖት እንዲሰጠን እንጠይቃለን። የግዢ ደረሰኙ፣ የመጋዘን መረከቢያውና የባልዲዎቹ ፎቶ ቅጂ ተያይዟል። ክርክር የሌለበትን ቀሪ ሂሳብ መግለጫው እንደደረሰን እንከፍላለን።»

ይኸው ነው። ስድብ የለበትም። «ስንት ዓመት ደንበኛችሁ ሆነን» የሚል ለቅሶም የለበትም። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ነበረበት፣ የእህቴ ልጅ ሰረዘችው። ተከራከርኳት፣ ግን ልክ ነበረች። ሂሳብ ክፍል ያለ ሰው ለቅሶውን የሚያስገባበት መዝገብ የለውም። የሚያስገባው ቀን፣ ቁጥር፣ ብር ነው።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ አላችኋት? «ክርክር የሌለበትን እንከፍላለን።» ይህቺ መስመር በሩን ከፈተችው። ሰውዬው ደብዳቤውን ሲያነብ «ይህቺ ሴትዮ ላለመክፈል ሰበብ እየፈለገች ነው» ብሎ እንዳያስብ ታደርጋለች። ብዙዎቻችን 48,300 ተጣልተንበት ሙሉውን 153,200 እንይዛለን። ያኔ እኛ ከሳሾች መሆናችን ይቀርና ባለዕዳ ብቻ እንሆናለን።

ደብዳቤውን በቴሌግራም ላክሁት። ግን በዚያ አልበቃኝም። አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ በሁለት ኮፒ ይዞ ሄደ። አንዱን መዝገብ ቤት ሰጠ፣ ሁለተኛው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመትቶ መለሰልኝ። ማኅተም የተመታበት ኮፒ ካላችሁ «አልደረሰንም» የሚባል ነገር የለም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ለእያንዳንዱ ክርክር ወልቂጤን አልፎ መሄድ አይቻልም። ማኅተሙ ስለእኔ እዚያ ይቆምልኛል።

በአምስተኛው ቀን ስቴትመንቱ መጣ። አንድ ገጽ። ከፍተን ደብተሬን ጎን አስቀመጥነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። በነሱ ወረቀት ላይ ዴቢት የሚለው የእኔን ዕዳ የሚጨምረው ነው፣ ክሬዲት የሚለው የሚቀንሰው ነው። በእኔ ደብተር ግን የተገላቢጦሽ ነው። እኔ የከፈልኩት በነሱ ክሬዲት፣ በእኔ ዴቢት። መስታወት ላይ እንደማየት ነው፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ የዓምዱን ስም ተዉት፣ «ይሄ ዕዳዬን ጨመረው ወይስ ቀነሰው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ።

ከነሐሴ የዞረ 60,000። በደብተሬም 60,000። በእርሳስ ምልክት አደረግን። ኅዳር 12፣ 193,200 ጨመረ። አለ። ምልክት። ታኅሣሥ 15፣ 100,000 ቀነሰ። አለ። ምልክት። ቀሪ 153,200። አለቀ። ኅዳር 26 ላይ ምንም የለም! እነሱ በራሳቸው ወረቀት ልክ ነበሩ። ያልተመዘገበ ነገር ከየት ይመጣል?

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። የእኔ ቀሪ 98,900 ነው ብያለሁ። የነሱ 153,200። ልዩነቱ ስንት ነው? 54,300። የመለስኩት ግን 48,300 ነው። 6,000 ብር ተረፈ። ምንድን ነው? የእህቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። የጭነቱ! ለኤፍኤስአሩ የከፈልኩትን 6,000 ብር እኔ ራሴ ከዕዳዬ ላይ ቀንሼ ጽፌዋለሁ። ማንን አስፈቅጄ? ማንንም። ሽያጭ ሠራተኛው «ይመልሱት» አለኝ እንጂ «ጭነቱን እንችላለን» አላለኝም። ከሾፌሩም ደረሰኝ አልተቀበልኩም። እንግዲህ ለሦስት ሳምንት «ሲስተማችሁ ተሳስቷል» ብዬ ስጮህ የእኔም ደብተር ተሳስቶ ነበር።

ልዩነት ሲኖር ሁሉም የነሱ ጥፋት ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ሁሉም የናንተ ነውም አትበሉ። በመስመር በመስመር አውርዱት። 54,300 ማለት 48,300 የነሱ፣ 6,000 የእኔ። እስከ መጨረሻዋ ብር ሲፈታ ክርክር የሚባል ነገር አይኖርም። ለሂሳብ ሠራተኛው ደውዬ እንዲህ አልኩት፦ «ወንድሜ፣ 6,000ው የእኔ ስህተት ነው፣ ትቼዋለሁ። 48,300ው ግን ከእናንተ ዘንድ ነው፣ የመጋዘኑን ወረቀት ተመልከት።» ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። «እሺ እትዬ፣ አየዋለሁ» አለኝ።

አየውና ሌላ ነገር ይዞ መጣ። «28 ነው የምንቀበለው፣ ሁለቱ የተከፈተ ነው።» ይሄኔ ነው ያቺ ቁራጭ ወረቀት ያስፈለገችኝ። መጋዘን ጠባቂው ጋ ደወልኩ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ያኔ የተቀበሉት ስንት ነበር?» አልኳቸው። «ልጄ፣ 30 ብዬ ፈርሜያለሁ። የተከፈተ ማለት የለም ማለት ነው እንዴ? ሳይከፈት መርጋቱ በምን ይታወቃል!» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ያንኑ ለሂሳብ ክፍል ደገሙለት። የምርት ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶም ነበረኝ። 30 ሆነ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ክሬዲት ኖቱ። በአስራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ደስ ብሎኝ ሱቅ ውስጥ ላሳይ ስል የእህቴ ልጅ ነጠቀችኝ። «አክስቴ፣ 42,000 ነው የሚለው።» ቫቱ የለም! አያችሁ? ስገዛ ቫት ከፍዬ፣ ስመልስ ያለ ቫት። 6,300 ብር እዚያ ቀረ ማለት ነው። ሆን ብሎ አይመስለኝም። መጋዘን የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ሂሳብ ሠራተኛውም ያንን ገለበጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ክሬዲት ኖትን የይቅርታ ደብዳቤ ያስመስለዋል። የግብር ሰነድ ነው። አቅራቢው ኅዳር ላይ ሲሸጥልኝ 25,200 ብር ቫት ሰብስቤያለሁ ብሎ አሳውቋል። እኔ ደግሞ ያንኑ 25,200 በግዢ የከፈልኩት ነው ብዬ ከምከፍለው ቫት ላይ አቀናንሼዋለሁ። አሁን 30ው ባልዲ ተመለሰ። ሽያጩ በዚያ ልክ ቀረ። ስለዚህ እሱ 6,300 ከሽያጭ ቫቱ ላይ ይቀንሳል፣ እኔ 6,300 ከግዢ ቫቴ ላይ እቀንሳለሁ። ሁለታችንም ይህን የምናደርገው በክሬዲት ኖቱ ነው። በአፍ «ተቀንሷል» ተባብለን ብንለያይ እሱ ላልሸጠው ዕቃ ቫት ከፍሎ ይቀራል፣ እኔ ደግሞ ያልገዛሁትን ዕቃ ቫት አቀናንሼ እገኛለሁ። ኦዲት የመጣ ቀን ማን ይጠየቃል? እኔ።

ለሂሳብ ሠራተኛው ይህን በለሆሳስ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ቫቱን ካላስገባህ መንግሥት ዘንድ የምትተወው የራሳችሁን 6,300 ነው።» ሳቀ። በማግስቱ አዲስ ላከ።

አዲሱን ስቀበል ምን አየሁ? የነሱ ስምና ቲን ቁጥር፣ የእኔ ስምና ቲን ቁጥር። የራሱ ቁጥርና ቀን። የትኛውን ደረሰኝ እንደሚቀንስ፣ ማለት የኅዳር 12ቱን ደረሰኝ ቁጥርና ቀን። የተመለሰው ዕቃ፣ ብዛቱ፣ ነጠላ ዋጋው፣ ምክንያቱ። ቫቱ ለብቻው። ድምሩ። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የሚረሳው የደረሰኙ ቁጥር ነው። ያለ ደረሰኝ ቁጥር የመጣ ክሬዲት ኖት ሲስተሙ ውስጥ ይገባል፣ ግን ከየትኛው ዕዳ ላይ እንደሚቀነስ ሳይታወቅ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ወርም ያው ስልክ ይደወላል።

ነጠላ ዋጋውንም አደራ! በኅዳር 1,400 የነበረው ቀለም በየካቲት 1,650 ገብቷል። ዕቃ ሲወደድ ነጋዴው «በዛሬው ዋጋ ይታሰብልኝ» ማለት ያምረዋል። ሲረክስ ደግሞ አቅራቢው ያንኑ ይላል። አይሆንም። የሚቀነሰው በተገዛበት ዋጋ ነው። እኔ ዛሬም 1,400 ነው የምቀበለው፣ ምክንያቱም ዕዳዬ ውስጥ የገባው 1,400 ነው። አዲስ 30 ባልዲ ከፈለግሁ በ1,650 በአዲስ ደረሰኝ እገዛለሁ። ልዋጭ ስትወስዱም ይሄው ነው። ልዋጩ ሌላ ዓይነት ወይም ሌላ ዋጋ ከሆነ ሁለት ወረቀት ጠይቁ፤ ለመልሱ ክሬዲት ኖት፣ ለአዲሱ ደረሰኝ። «ልዋጭ ነው፣ ወረቀት አያስፈልግም» ብላችሁ ከተዋችሁት ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ ብቻ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

አንድ ደግሞ። «ዋናውን ደረሰኝ መልሱልን» ሊሏችሁ ይችላሉ። ሁሉም ዕቃ የተመለሰ እንደሆነ ይሁን። እኔ ግን ከ120ው 90ውን ይዣለሁ፣ የዚያን ቫት ያቀናነስኩበት ዋና ማስረጃዬ ያ ደረሰኝ ነው። ኮፒ ሰጠሁ፣ ዋናውን አሳየሁ፣ መልሼ ፋይሌ ውስጥ አስገባሁ።

ስለ ፊርማ ሳልናገር አልወርድም፣ የቆየ ቁስል ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከሌላ አቅራቢ ጋር 15,000 ብር የሚያወጣ የቧንቧ ዕቃ መልሼ ነበር፣ ከነቫቱ 17,250። ክሬዲት ኖት አልጠየቅሁም፣ ዝም ብዬ ቀንሼ ከፈልኩ። በሐምሌ ኦዲተራቸው አንድ ወረቀት ላከልኝ። «ሰኔ 30 ቀን ቀሪ ሂሳብዎ ይህን ያህል መሆኑን ያረጋግጡ» ይላል። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ሳላነብ ፈረምኩ! 17,250ው እዚያ ቁጥር ውስጥ ነበረ። ከዚያ በኋላ የቧንቧውን ነገር ባነሳ «እርስዎ እኮ ፈርመዋል» አሉኝ። ምን እመልሳለሁ? ከፈልኩ።

እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ነው፣ ካልተስማማችሁ «በእኛ መዝገብ ይህን ያህል ነው፣ ልዩነቱ ክሬዲት ኖት ያልወጣለት ተመላሽ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። በተለይ ተመላሻችሁን ከሰኔ በፊት ጨርሱት። መዝገብ ከተዘጋ በኋላ ሂሳብ ክፍል ያለፈውን ዓመት ነገር ለመንካት እጁ ይከብደዋል።

የእኔ ጉዳይ እንዴት አለቀ? ክሬዲት ኖቱ 48,300 ሆኖ ሲመጣ ወዲያው አልከፈልኩም። አዲስ ስቴትመንት ጠየቅሁ። ክሬዲት ኖት በእጅ መያዝና ሲስተማቸው ውስጥ መግባቱ ሁለት ነገር ነው። በማግስቱ ተላከ። ሦስት መስመር የነበረው አራት ሆኗል፣ አራተኛው 48,300 ቀንሷል፣ ቀሪ 104,900። እኔም ደብተሬን አረምኩ፣ 98,900 ላይ 6,000ውን መለስኩ፣ 104,900። ያንኑ ቀን ባንክ ሄጄ ከፈልኩ። የክሬዲት ኖቱን ቁጥር የከፈልኩበት ወረቀት ላይ አጻፍኩ። ሴራሚኩ በሦስተኛው ቀን ተጫነ።

6,000ው የእኔ ሆኖ ቀረ። አሁን ዕቃ ከመመለሴ በፊት ለሽያጭ ሠራተኛው አንዲት አጭር መልእክት እጽፋለሁ። «30 ባልዲ እመልሳለሁ፣ ጭነቱን ማን ይከፍላል?» መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ አላስጭንም።

ቡናው ደርሷል እያሉ ከኋላ ምልክት እየሰጡኝ ነው። ደብዳቤውን ፎቶ ማንሳት የምትፈልጉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ፣ ስሙ ተሸፍኗል። ቅድም እጃችሁን ሁለት ሁለት ያነሳችሁት የሂርማታ ሰዎች፣ ስቴትመንታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ወደ እኔ ጠጋ በሉ፣ ቡናውን እየጠጣን በእርሳስ እናወርደዋለን።